ስቱደንት ኮፒውን ሳታዪ አትወስኚ

«ጤና ይስጥልኝ። የ27 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው ሐዋሳ ነው። በ2010 ዓ.ም ከዚህ ርቆ የሚገኝ አንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ አካውንቲንግ ደርሶኝ ገባሁ። ሦስት ሴሚስተር ተማርኩ፤ ኩሙሌቲቬ 2.31 ነበር። በአራተኛው ሴሚስተር መሀል፣ ሚያዝያ 2011 አባቴ አረፈ። ለቀብር መጣሁ፤ በዚያው ቀረሁ። እናቴንና ታናሾቼን ጥሎ መሄድ አቃተኝ። ለዩኒቨርሲቲው ምንም አልተናገርኩም፣ ቅጽም አልሞላሁም። ልብሴን እንኳ የዶርም ልጆች ናቸው በአውቶቡስ የላኩልኝ።

አሁን መናኸሪያ አካባቢ አንድ የግንባታ ዕቃ መሸጫ ውስጥ ካሸር ነኝ። እናቴ ለዘመድ ሁሉ ‹ልጄ አካውንቲንግ ጨርሳለች› ትላለች። እኔም አፌን ዘግቼ ቀረሁ። መማር እፈልጋለሁ፤ ትንሽ ብርም አጠራቅሜያለሁ። ወንድሜ 12ኛ ክፍልን እንደገና ተፈተኚ ይለኛል። አንዲት ጓደኛዬ ደግሞ ሦስተኛ ዓመት ላይ የሚያስገባ ኮሌጅ አግኝታልኛለች፤ በዓመት ከመንፈቅ ትመረቂያለሽ ተብያለሁ። ልቤ ግን ወደ ድሮው ግቢዬ መመለስ ነው የሚፈልገው። ጊዜው አልፎብኝ ይሆን? ከየት ልጀምር?»

የአቶቴዋ ነኝ፣ ከሐዋሳ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ሁለቴም ያቆመኝ ያ በአውቶቡስ የተላከው ልብስ ነው። ሻንጣው ሲደርስ ማን ከፈተው? አንቺ ነሽ ወይስ ዝም ብሎ አልጋ ሥር ገባ? ይህን የምጠይቅሽ እንዲሁ አይደለም። ከዚያ ግቢ ወጥተሽ የመጣሽው አባትሽን ልትቀብሪ ነው፤ ትምህርቱ ከብዶሽ አልነበረም። ግን ሰባት ዓመት ሙሉ ራስሽን «ያቋረጠች» እያልሽ የኖርሽ ይመስለኛል። ይህን ልዩነት መጀመሪያ አንቺ ልታውቂው ይገባል። ምክንያቱም ሬጅስትራሩ አያውቀውም።

ነገሩ ከዚህ ይጀምራል። አንድ ተማሪ በሴሚስተር መሀል ሲወጣ ዊዝድሮዋል የሚባለውን የማቋረጫ ቅጽ ከሞላ፣ የዚያ ሴሚስተር ኮርሶች «አቋርጧል» ተብለው ይመዘገባሉ፤ ውጤቱን አይነኩም። ሳይሞላ ከጠፋ ግን ለሬጅስትራሩ የሚታየው ተመዝግቦ ፈተና ያልተቀመጠ ተማሪ ነው። በመጀመሪያ «ኤንጂ» ይጻፍበታል፤ ውጤት የለም ማለት ነው። በተሰጠው ጊዜ ውስጥ ቀርቦ ካላስተካከለ በብዙ ግቢዎች ኤንጂው ወደ ኤፍ ይቀየራል።

ይህ በአንቺ ላይ ምን እንደሚያደርግ አብረን እናስላው። ያኔ በነበረው አሠራር የኮርስ ክብደት የሚለካው በኢሲቲኤስ ነበር፤ አንድ ሴሚስተር ባብዛኛው 30 ኢሲቲኤስ ነው። በሦስት ሴሚስተር 90 ይሆናል። 90 በ2.31 ሲባዛ ወደ 208 ነጥብ ይመጣል። ያቺ በእጅሽ የነበረችው ጥሪት ናት። አሁን አራተኛው ሴሚስተር 30 ኢሲቲኤስ ሙሉውን ኤፍ ሆኖ ቢጨመር ነጥቡ 208 ላይ ይቆማል፤ አካፋዩ ግን 120 ይሆናል። 208 ለ120 ሲካፈል 1.73 ነው። አንቺ በልብሽ የያዝሽው 2.31ን ነው፤ ፋይልሽ ላይ ግን 1.73 እና ከጎኑ የመባረር ምልክት ተጽፎ ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል። አንዳንዱ ሬጅስትራር «ጠፍታለች» ብሎ ብቻ ይተወዋል። ሁለቱ የተለያዩ መንገዶች ናቸው፤ የትኛው ላይ እንደቆምሽ ግን አንቺም እኔም አላየንም።

ስለዚህ ኮሌጅ ከመምረጥሽ፣ አንድ ብርም ከማውጣትሽ በፊት ስቱደንት ኮፒሽን፣ የኮርሶችሽና የውጤትሽ ዝርዝር ያለበትን ወረቀት፣ እጅሽ አስገቢ። ወንድምሽ የሚለውም፣ ጓደኛሽ ያገኘችው ኮሌጅም፣ ልብሽ የሚፈልገውም መልስ የሚያገኙት ከዚያ ወረቀት ነው።

ወደ ድሮው ግቢ መመለስን በተመለከተ እውነቱን ልንገርሽ። በር የሚከፍተው ሪአድሚሽን የሚባለው ጥያቄ ነው፤ የሚወሰነውም በየዩኒቨርሲቲው ሴኔት መተዳደሪያ ደንብ ነው። ደንቦቹ ከግቢ ግቢ ይለያያሉ። በጥቅሉ ግን ለመመለስ የጊዜ ገደብ ያስቀምጣሉ፤ ሰባት ዓመት ደግሞ ረጅም ነው። ሁለተኛው እንቅፋት ከአንቺ ጥፋት ጋር አይገናኝም። አንቺ የገባሽበት አካውንቲንግ የሦስት ዓመት ትምህርት ነበር። ከ2012 ዓ.ም ጀምሮ ሥርዓተ ትምህርቱ ተለውጧል፤ የመጀመሪያው ዓመት ፍሬሽማን ሆነ፣ ትምህርቱም አራት ዓመት ሆነ። አንቺ ትተሽው የሄድሽው ክፍል አሁን የለም። ቢመልሱሽ እንኳ የሚያስገቡሽ አንቺ ወደማታውቂው ሥርዓተ ትምህርት ነው።

ይህን ሁሉ አውቀሽም ጥያቄውን አስገቢ እልሻለሁ። አንድ ገጽ ማመልከቻ ትበቃለች። የአባትሽን የሞት ምስክር ወረቀት አያይዢ፤ ቀኑ ከሚያዝያ 2011 ጋር ይገጥማል። በዚያው ማመልከቻ የአራተኛው ሴሚስተር ኤፎች ወደ ዊዝድሮዋል ይቀየሩልኝ ብለሽ ጠይቂ። ይሳካል ብዬ ተስፋ አልሰጥሽም፤ የጊዜ ገደቡ ያለፈ ይመስለኛል። ግን በጽሑፍ የተሰጠ «አይሆንም» ከሰባት ዓመት «ምናልባት» ይሻላል። መልሱን እየጠበቅሽ ግን ሌላውን ሥራ አታቁሚ።

ወደዚያ ስትሄጂ ምን ትይዣለሽ? የቀበሌ መታወቂያ ወይም ፋይዳ፣ የ10ኛና የ12ኛ ክፍል ሰርተፊኬት ዋናውንና ኮፒውን፣ ካለሽ የድሮውን የተማሪ መታወቂያ። መታወቂያው ከጠፋ የመለያ ቁጥርሽን ከየትም ፈልጊው፤ የድሮ ውጤት ወረቀት ላይ ወይም ደብተር ሽፋን ላይ ይኖራል። ያለ ቁጥር ፋይልሽን ለማግኘት ሠራተኛው ብዙ ይቸገራል። የምዝገባና የምረቃ ሳምንትን አስወግጂ። ያን ጊዜ የሬጅስትራር መስኮት ፊት ያለውን ሰልፍ ታውቂዋለሽ፤ የቆየ ፋይል የሚፈልግልሽ ሰው አታገኚም። መሄድ ካልቻልሽ ውልና ማስረጃ ሄደሽ ለምታምኚው ሰው ውክልና መስጠት ይቻላል። እኔ ግን ራስሽ ብትሄጂ እመርጣለሁ። ያንን ግቢ አንድ ጊዜ በእግርሽ ብትረግጪው ጥሩ ነው።

አንድ ነገር እንዳያስደነግጥሽ አስቀድሜ ልንገርሽ። ስቱደንት ኮፒ ለራስሽ የሚሰጥ ወረቀት ነው። ሌላ ተቋም መጨረሻ ላይ የሚፈልገው ግን ከሬጅስትራር ወደ ሬጅስትራር በታሸገ ፖስታ የሚላከውን ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ነው። እሱ ደግሞ ክሊራንስ ሳይጨርሱ አይወጣም። አንቺ ክሊራንስ ሳታደርጊ ነው የወጣሽው። ፍራሹን፣ የዶርም ቁልፉን፣ ሚል ካርዱን፣ ከላይብረሪ የወሰድሽውን መጽሐፍ አስቢ። የዶርም ልጆች ልብስሽን ሲልኩልሽ ቁልፉን ለፕሮክተሯ አስረክበው ነበር? ከመካከላቸው አንዷን አግኝተሽ ጠይቂ። ያልተመለሰ ነገር ካለ ዋጋው ይከፈላል፤ ከባድ አይሆንም። ግን ሳታውቂው ብትሄጂ ከቢሮ ቢሮ ያንከራትትሻል።

ከዚያ የኮስት ሼሪንግ ጉዳይ አለ። በየዓመቱ መጀመሪያ የፈረምሽው ውል ትዝ ይልሻል? ያኔ በነበረው ደንብ ተማሪ የሚጋራው የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪና የትምህርቱን 15 በመቶ ነው። መመረቅ አለመመረቅሽ ዕዳውን አያጠፋውም፤ የተጠቀምሽበትን ያህል ይታሰባል። ድምሩን ከኮስት ሼሪንግ ክፍል በጽሑፍ ተቀበዪ፤ የት እንደሚከፈልም እዚያው ጠይቂ። ይህ ገንዘብ ካጠራቀምሽው ላይ የመጀመሪያው ወጪ ነው። ብዙ ልጆች ያላቸውን ሁሉ ለኮሌጅ መመዝገቢያ ከፍለው፣ በኋላ ትራንስክሪፕት ማምጣት ሲያቅታቸው አይቻለሁ። ኮሌጁ አንድ ሴሚስተር፣ ሁለት ሴሚስተር ይታገሳል፤ ከዚያ በኋላ ግን ፋይሉ አልተሟላም ይላል።

የወንድምሽን ሐሳብ በአጭሩ ልለፈው። 12ኛ ክፍልን እንደገና መፈተን አያስፈልግሽም። በ2009 ያመጣሽው ውጤት የዚያን ዓመት መግቢያ ነጥብ አሟልቶ ነው ዩኒቨርሲቲ ያስገባሽ፤ ሰርተፊኬቱም ዛሬ ድረስ ያንቺ ነው። የአሁኑ ፈተና ደግሞ ሌላ ነገር ነው። በ2015 ዓ.ም ከተፈተኑት 50 ከመቶና በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። እንደዚያ ባለ ፈተና ላይ ያለ ምክንያት ራስሽን አትጣዪ። ወንድምሽ ግን ለአንቺ ብሎ ነው ያሰበው፤ አመስግኚው።

የጓደኛሽ ኮሌጅ ግን አሳስቦኛል። «ሦስተኛ ዓመት እናስገባሻለን» የሚል ሰው ስቱደንት ኮፒሽን አይቷል? አላየም፤ አንቺ ራስሽ አላየሽውም። ታዲያ በምን አውቆ?

በትክክለኛው መንገድ የሚሠራው እንዲህ ነው። እንደ አዲስ ተማሪ ትገቢያለሽ። ከዚያ የተማርሻቸውን ኮርሶች ዝርዝርና የኮርሶቹን ይዘት ታቀርቢያለሽ። ዲፓርትመንቱ አንድ በአንድ ከራሱ ኮርሶች ጋር ያስተያያል፤ የሚገጥመውን እንደገና እንዳትማሪው ኤግዜምት ያደርግልሻል። ባብዛኛው የሚቀበሉት ሲ እና ከዚያ በላይ የሆነውን ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሲ ማይነስ ሲ አይደለም፤ 1.75 ነው። አንቺ ያለፍሽው ኮርስ ነው፤ እነሱ ዘንድ ግን አይያዝም። ሰዓቱም ይለካል። የአንቺ ኮርሶች የተመዘገቡት በኢሲቲኤስ ከሆነ አዲሱ ተቋም ወደ ክሬዲት ሰዓት ይመልሳቸዋል፤ 5 ኢሲቲኤስ እንደ 3 ክሬዲት ሰዓት ይታያል። የአንቺ ኮርስ 3 ኢሲቲኤስ ሆኖ የእነሱ 3 ክሬዲት ከሆነ፣ ስሙ አንድ ቢሆንም አይገጥምም።

በአንቺ ላይ እንሞክረው። 90 ኢሲቲኤስ ሁሉም ባለ 5 ቢሆኑ 18 ኮርስ ማለት ነው። ኩሙሌቲቭ 2.31 ያላት ተማሪ ጥቂት ሲ ማይነስና ዲ አይጠፋባትም፤ አራት ይሁኑ እንበል። 14 ቀሩ። ከእነዚህ ውስጥ በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ውስጥ የሌሉ ወይም ሰዓታቸው የማይሞላ ሌላ አራት ቢወድቁ፣ የሚያዙልሽ 10 ናቸው። በኤክስቴንሽን በሴሚስተር አራት ኮርስ ብትወስጂ 10 ኮርስ የሁለት ሴሚስተር ተኩል ሥራ ነው። ያተረፍሽው እሱን ነው። ትንሽ አይደለም። ግን ሦስተኛ ዓመት አያስገባሽም። በሌላ በኩል አንቺ በ2010 ያልተማርሻቸው የፍሬሽማን ኮርሶች አሉ፤ ኢመርጂንግ ቴክኖሎጂ፣ ኢንክሉሲቭነስ፣ ግሎባል ትሬንድ የሚባሉት። እነሱን ዝቅ ብለሽ መውሰድ ይኖርብሻል።

በዓመት ከመንፈቅ ያስመርቁሽ እንበል። ከዚያስ? ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ በመንግሥትም ሆነ በግል ተቋም የተማረ ሁሉ የመውጫ ፈተና ተቀምጦ 50 ከመቶና በላይ ሳያመጣ የመጀመሪያ ዲግሪ አይሰጠውም። ፈተናው ኮርስ ስለመዝለልሽ አይጠይቅም፤ ኮርሱን ስለማወቅሽ ነው የሚጠይቀው። ኦዲቲንግ፣ ኮስት አካውንቲንግ፣ የፋይናንስ ሪፖርት ሁሉ ይመጣል። ዘለሽ የመጣሽው ኮርስ እዚያ ይጠብቅሻል።

ሌላም አለ። አንድ የአጎቴ ልጅ የአንድ ኮሌጅ ቅርንጫፍ ውስጥ ሁለት ዓመት ቅዳሜና እሑድ ተማረ። ኮሌጁ ዕውቅና ነበረው። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ወረቀት በዓይኔ አይቼዋለሁ። ቀርበን ስናነበው ግን ዕውቅናው የሌላ ከተማ ካምፓስ ነበር፤ ለዚያ ቅርንጫፍ አልነበረም። ከሁለት ዓመት በኋላ ከዜሮ ጀመረ። የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዕውቅና የሚሰጠው ለኮሌጁ ስም አይደለም፤ ለትምህርት ዓይነቱና ለካምፓሱ ነው። ስለዚህ «ዕውቅና አላችሁ?» ብለሽ አትጠይቂ፤ ሁሉም «አዎ» ይላል። «በአካውንቲንግ የመጀመሪያ ዲግሪ፣ ሐዋሳ ካምፓስ፣ ለማታ ወይም ለቅዳሜና እሑድ የተሰጣችሁን ደብዳቤ አሳዩኝ» በዪ። ቀኑን አንብቢ፤ ጊዜው አልፎ ይሆናል። ከዚያ ራሱን ባለሥልጣኑን ጠይቂ። ለጓደኛሽ ይህን ስትነግሪያት ቅር እንዳይላት፤ አስባ ነው የፈለገችልሽ።

እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን መጀመሪያ የማንኳኳው ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲን ነው። እዚያው ከተማሽ ውስጥ ነው፤ የመንግሥት ስለሆነም የቅርንጫፍ ዕውቅና ጭንቀት የለበትም። የተከታታይ ትምህርት ክፍሉ ሄደሽ አካውንቲንግ በማታና በቅዳሜና እሑድ መቼ እንደሚመዘግብ፣ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጣ ኮርስ ምን ያህል ድረስ እንደሚይዝ፣ በፋይል ላይ መባረር ካለ ምን እንደሚሉ ጠይቂ። የመጨረሻዋን ጥያቄ አትደብቂ። ሬጅስትራር ለሬጅስትራር ሲጻጻፍ ይወጣል፤ ከአንቺ አፍ ቢሰሙት ይሻላል። እዚያ ካልሆነ ወደ ግል ኮሌጅ ትሄጃለሽ፤ የሚጠየቀውን አሁን ታውቂዋለሽ።

ኤግዜምሽን ላይ ደግሞ አንድ የራሴ አስተያየት አለኝ፤ ሁሉም ላይስማማበት ይችላል። የሚያዝልሽን ሁሉ አታስይዢ። እንግሊዝኛውን፣ ኢኮኖሚክሱን፣ ማኔጅመንቱን አስይዢ። ፕሪንሲፕልስ ኦፍ አካውንቲንግን እና ኢንተርሚዲየትን ግን፣ ሲ ካለሽ፣ እንደገና ተማሪያቸው። ሰባት ዓመት አልፏል። ለመሆኑ የማስተካከያ ምዝገባ፣ ያ «አድጀስቲንግ ኢንትሪ» የምንለው፣ ዛሬ ወረቀት ቢሰጡሽ ትሠሪዋለሽ? አንድ ማታ ሞክሪው። የቅድመ ክፍያ ኪራይ በወሩ መጨረሻ እንዴት እንደሚመዘገብ ጻፊ። እጅሽ ካልሄደ መልሱን አገኘሽ። የቀሩት ኮርሶች ሁሉ የሚቆሙት በእነዚህ ሁለቱ ላይ ነው። በተጨማሪም አገራችን የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅን በ2006 ዓ.ም ካወጣች ወዲህ ሥራው አይኤፍአርኤስ ወደሚባለው ዓለም አቀፍ የሂሳብ ሪፖርት ደረጃ ሄዷል። አንቺ የተማርሽበት መጽሐፍ ጋፕ የሚባለውን የአሜሪካኑን የሂሳብ አያያዝ ደንብ የሚከተል ከነበረ ብዙ ነገር ተቀይሮ ይጠብቅሻል።

አሁን ወደ መናኸሪያው ሱቅ ልመለስ። የግንባታ ዕቃ ቅዳሜ ነው የሚሸጠው፤ ሲሚንቶውም ቆርቆሮውም ያን ቀን ነው የሚጫነው። ባለቤቱ ቅዳሜን ይሰጡሻል ብለሽ ታስቢያለሽ? እኔ ይቸግራቸዋል ብዬ እገምታለሁ። ስለዚህ ከመመዝገብሽ በፊት ከማታው ፕሮግራም ጋር አስተያዪው። ስንት ሰዓት ሱቁ ይዘጋል? ካዝናውን አስረክበሽ ስትወጪ ስንት ይሆናል? ማታ ሦስት ሰዓት ከትምህርት ስትወጪ እስከ አቶቴ የሚያደርስሽ የምታውቂው ባጃጅ አለ? ወጪውን ከወርሃዊ ክፍያው ጋር ደምሪው። ትምህርት የሚያቋርጡት ብዙ ጊዜ እንዲህ ባለ ትንሽ ነገር ነው።

እዚያው ሱቅ ውስጥ ደግሞ ያላየሽው ነገር ያለ ይመስለኛል። በወር አንድ ጊዜ ደረሰኝ ሰብስቦ ቫት የሚያሳውቅ የሂሳብ ሠራተኛ ይመጣል አይደል? አንቺ ካሸር ነሽ፤ የሽያጭ ደረሰኙ በእጅሽ ነው የሚያልፈው። ባለቤቱን አስፈቅጂና አጠገቡ ተቀመጪ። የግዢ ደረሰኞችን በቀን ደርድረሽ አቅርቢለት። የሽያጩን 15 በመቶ ከግዢው ቫት ጋር እንዴት እንደሚያቀናንስ፣ ዊዝሆልዲንግ የት ላይ እንደሚቆረጥ ተመልከቺ። ፒችትሪ በሚባለው የሂሳብ ሶፍትዌር የሚሠራ ከሆነ አንድ ቫውቸር ራስሽ እንድትመዘግቢ ለምኚው። ሦስት ወር እንዲህ ካደረግሽ ክፍል ውስጥ ስትቀመጪ ትምህርቱ ሌላ ይሆንልሻል። አንድ ነገር ግን ልንገርሽ፤ ብዙ መሥሪያ ቤት የሥራ ልምድ የሚቆጥረው ከምረቃ በኋላ ያለውን ነው። ስለዚህ የልምድ ወረቀቱን እያሰብሽ አታድርጊው፤ እጅሽ እንዲለምድ አድርጊው። የግል ሱቆችና ትናንሽ ድርጅቶች ግን የሚችል ሰው ነው የሚፈልጉት፤ ከመመረቅሽ በፊትም ረዳት የሂሳብ ሠራተኛ ልትሆኚ ትችያለሽ።

እናትሽን መጨረሻ ያደረግኳት ከባድ ስለሆነብኝ ነው። «ልጄ አካውንቲንግ ጨርሳለች» ሲሉ ውሸት የሚናገሩ አይመስለኝም። ባላቸውን በቀበሩበት ሳምንት ልጃቸው ትምህርቷን ጥላ አጠገባቸው ተቀመጠች። ያን አምነው መቀበል ይከብዳል። ምናልባት እሳቸውም «በእኔ ምክንያት ነው» የሚል ነገር ይዘው ይሆን? ጠይቀሻቸው ታውቂያለሽ?

ዘመድ ፊት ማስተባበል አያስፈልግሽም። ለእሳቸው ብቻ ንገሪያቸው። ቡና ሲያፈሉ፣ ሰው በሌለበት፣ «እማ፣ ትምህርቴን ልጨርስ ነው» ብለሽ ጀምሪ። «ጨርሻለሁ» አላልሽም፣ «አልጨረስኩም» ብለሽም አላሳፈርሻቸውም። ከዚያ የሚሉትን ስሚ። ማታ ማታ ቤት ስለማትኖሪ መንገር የግድ ይሆናል። ካልነገርሻቸው ደግሞ ትምህርቱ ተደብቆ የሚሠራ ነገር ይሆንብሻል፤ የተደበቀ ትምህርት በመጀመሪያው ፈተና ሳምንት ይሰለቻል። ስታለቅሺ ማን ያያል?

«ጊዜው አልፎብኝ ይሆን?» ብለሻል። በሒሳቡ መሠረት፣ ሁሉ ቢገጥምልሽ፣ ስትመረቂ 31 ወይም 32 ዓመት ይሆንሻል። ባትማሪም ዕድሜሽ እዚያው ይደርሳል። በማታ ክፍል ውስጥ ከአንቺ የሚበልጡ እናቶችና አባቶች ታገኚያለሽ፤ በዕድሜሽ ተነጥለሽ አትታዪም። የሚያሰጋኝ ስቱደንት ኮፒውን ሳታዪ ሌላ ዓመት እንዳይሄድብሽ ነው።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት የ10ኛና የ12ኛ ክፍል ሰርተፊኬቶችሽ የት እንዳሉ ፈልጊ፤ ምናልባት ያ ሻንጣ ውስጥ ይሆናሉ። ለአንዷ የዶርም ልጅ ደውለሽ ስለ ቁልፉና ስለ መለያ ቁጥርሽ ጠይቂ። የአባትሽን የሞት ምስክር ወረቀት ከእናትሽ ስትቀበዪ ወሬው በዚያው ይነሳ ይሆናል። ከዚያ ከሱቁ ሦስት ቀን ፈቃድ ጠይቂና ሂጂ። ስቱደንት ኮፒው እጅሽ ሲገባ ስምና መለያ ቁጥሩን በወረቀት ሸፍነሽ ፎቶውን ላኪልኝ። የትኞቹ ሲ፣ የትኞቹ ሲ ማይነስ እንደሆኑ አንድ በአንድ አብረን እንቆጥራለን።